የሚወዛወዝ ወንበር፦ የላላውን መጋጠሚያ ፈልጎ በኮላና በችካል አጥብቆ መመለስ

ወንበር መወዛወዝ ሲጀምር አብዛኛው ሰው ሚስማርና መዶሻ ያነሳል። ከጎን ሁለት ሚስማር ይመታና ወንበሩ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይወዛወዛል፤ አሁን ግን ከበፊቱ የባሰ ነው። ሚስማሩ ብረት ነው፤ በተቀመጥን በተነሳን ቁጥር በዙሪያው ያለውን እንጨት እየጨፈለቀ የራሱን ቀዳዳ ያሰፋል። አንዳንዴም እግሩን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው የተለመደ ዘዴ በክፍተቱ ላይ ኮላ ማፍሰስ ነው። ይህም አይዘልቅም። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚያጣብቀው ወደ እንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ገብቶ ሲደርቅ ነው። ከውስጥ አሮጌ ኮላ ደርቆ ተቀምጦ ከሆነ አዲሱ የሚሰርግበት ቦታ የለውም። አሮጌው ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ትንሽ ሲነቀነቅ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል።

የሚዘልቀው ጥገና አንድ ነው። የላላውን መጋጠሚያ መክፈት፣ አሮጌውን ኮላ እስከ ባዶ እንጨቱ ማጽዳት፣ ችካሉ በቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ ማድረግ፣ ከዚያ ኮላ ቀብቶ በሞርሳ አጥብቆ ማሰር። ኮላ መቀባቱ ከሥራው ሁሉ አጭሩ ነው። ጊዜ የሚወስደው ከእሱ በፊት ያለው ነው።

ችካል የምለው ሁለት እንጨቶችን ከውስጥ የሚያገናኘውን ክብ ዘንግ ነው። በእቃ መሸጫ ሱቅ ዶወል ብለው ከጠየቃችሁም ይገባቸዋል። ሞርሳ ደግሞ ማሰሪያው ነው፤ ክላምፕ የሚሉትም አሉ። አግዳሚ የምለው እግርን ከእግር የሚያያይዘውን የተኛ እንጨት ነው።

ለምን ይላላል?

በባሕር ዳር የክረምትና የበጋ አየር ልዩነት ትልቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲዘንብ እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ደርቆ ይኮማተራል። እንጨት በቁመቱ አያድግም አያጥርም ማለት ይቻላል። የሚያብጠውና የሚኮማተረው በጎኑ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የወንበሩ እግር ቆሟል፤ ችካሉ ደግሞ በጎኑ ተኝቶ ይገባበታል። ጅማታቸው ተሻግሮ ስለሚገናኝ አንዱ በሚያብጥበት አቅጣጫ ሌላው አያብጥም። ክረምት ላይ ችካሉ አብጦ መስፋት ሲፈልግ የቀዳዳው ግድግዳ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል። በጋ ሲመጣ ሲኮማተር ከመጀመሪያው ውፍረቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ኮላው ይሰነጠቃል፣ ክፍተት ይፈጠራል።

በዚህ ላይ የአቀማመጣችን ነገር አለ። ሰው ምግብ በልቶ ጠግቦ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ወንበሩን በሁለት የኋላ እግሮቹ ያቆመዋል። ያን ጊዜ የሰውየው ክብደት በሙሉ የጎን አግዳሚው ከኋላ እግሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይፈለቅቀዋል። መጀመሪያ የሚላላው መጋጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሆነው ለዚህ ነው። ፍለጋችሁንም ከዚያ ጀምሩ።

መጀመሪያ የላላውን ቦታ ማግኘት

ወንበሩ የሚወዛወዘው ወለሉ ጎርባጣ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላ ቦታ ወስዳችሁ ሩብ ዙር አዙሩት። ሁልጊዜ በአንዱ እግር ብቻ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ግን መደገፊያውን ይዛችሁ ስትገፉት ምንም ካልተላወሰ፣ መጋጠሚያው ደህና ነው፤ አንዱ እግር አጥሯል ማለት ነው። እሱ የኮላ ሥራ አይደለም። መደገፊያውን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ስትገፉት ወንበሩ ቅርጹን የሚቀይር ከሆነ ግን መጋጠሚያ ላልቷል።

አሁን ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ ገልብጡት። በአንድ እጃችሁ እግሩን ያዙ። የሌላውን እጅ አውራ ጣት እግሩና አግዳሚው በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ እግሩን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ። ዓይን የማያየውን እንቅስቃሴ አውራ ጣት ይሰማዋል። የሚላወስ መጋጠሚያ ሁሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የሚሰማችሁን ድምፅ ተከትላችሁ ብቻ አትፍረዱ፤ ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ በእንጨቱ ውስጥ ተጉዞ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል።

አንዳንዱ መጋጠሚያ ለእጅ ጥብቅ መስሎ ከውስጥ ተላቆ ይገኛል። ቀጭን ወረቀት በመስመሩ ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ከገባ ኮላው ለቋል። መስመሩ ዙሪያ የቫርኒሹ መሰንጠቅም ያንኑ ይናገራል።

ሁለት ነገር ካያችሁ ግን ቆም በሉ። አንደኛው ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎችና ከነሱ የሚረግፍ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ነው። ይህ የነቀዝ ሥራ ነው። ቦታውን በካቻቢቴ ጫፍ ስትወጉት ከተሰበረና ከፈረሰ ያንን እግር መቀየር እንጂ ማጣበቅ አይረዳም። ሁለተኛው በእግሩ ላይ፣ ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሮጥ ስንጥቅ ነው። ይህ ይጠገናል፤ ግን መጋጠሚያው ከመገጣጠሙ በፊት ስንጥቁ ለብቻው ኮላ ተቀብቶና በሞርሳ ታስሮ አንድ ቀን መዋል አለበት።

አንድ ወንበር ይዘን እንሂድ

ለምሳሌነት የምወስደው በሐይቁ ዳር ቡና የሚያፈሉ ጎረቤታችን ያመጡልኝን ወንበር ነው። ዋንዛ ነው። የባሕር ዳር አናጢዎች ለወንበር የሚመርጡት እንጨት ዋንዛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቀላል ነው፣ ለመሥራት አያስቸግርም፣ ብዙም አይጣመምም። እግሮቹ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ናቸው። የመቀመጫው አግዳሚዎች 22 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 60 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት ችካል አለ፤ ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር ነው።

ገልብጬ ስፈትሸው የግራው የጎን አግዳሚ ከኋላ እግሩ ጋር ያለው መጋጠሚያ በግልጽ ይላወሳል። በዚያው በኩል ያለው የታችኛው አግዳሚም ከኋላ ላልቷል። የቀኙ ጎን የኋላ መጋጠሚያ ወረቀት አስገባ። የፊቶቹ ግን ሁሉም ጥብቅ ናቸው።

«እትዬ፣ ሚስማር ተመቶበት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጁ አንድ ሁለት መትቶበታል መሰለኝ፣ ልጄ። ይዞ አላቆየውም እንጂ።»

ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ፣ ወይም በዓይናችሁ ሳትፈልጉ፣ ወንበር በመዶሻ ለመለያየት አትሞክሩ። አንድ የተደበቀ ሚስማር እግሩን ለሁለት ሊሰነጥቀው ይችላል። ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ገብቶ በቫርኒሽ ወይም በማስቲሽ ሊሸፈን ይችላል። ማግኔት ካላችሁ በመጋጠሚያው ዙሪያ አንሸራትቱት፤ ይይዝላችኋል። ስታገኙት በቀጭን መሮ ዙሪያውን ጥቂት ፈልፍላችሁ ጭንቅላቱን በፒንሳ ያዙና ጎትቱት። የሚቀረው ጉድጓድ ኋላ ይደፈናል። ከመቀመጫው ሥር በየማዕዘኑ በብሎን የታሰሩ እንጨቶች ካሉም ፍቱ።

መለያየት

ከመለያየታችሁ በፊት ቁጥር ስጡ። በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ በሁለቱም ወገን ለጥፉ፦ 1 ከ1፣ 2 ከ2። አራቱ እግሮች ቢመሳሰሉም ቀዳዳቸው በእጅ የተበሳ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም።

የላላውን ብቻ ክፈቱ። ጥብቅ የሆነውን መጋጠሚያ «አብሬ ላድሰው» ብሎ መስበር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በኛ ወንበር የፊት ሁለቱ እግሮችና የጎን አግዳሚዎቹ እንደተያያዙ ይቆያሉ። የኋላው ክፍል ብቻ፣ ሁለቱ የኋላ እግሮችና መደገፊያው በአንድነት፣ ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ የኋላ መጋጠሚያዎቹን፣ የቀኙን የታችኛውንም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ መክፈት ግድ ነው።

የምትመቱበት የጎማ መዶሻ ይሁን። እሱ ከሌለ ቁራጭ ጣውላ በመሀል አድርጋችሁ በተራ መዶሻ ምቱ። የምትመቱት በመጋጠሚያው አጠገብ ነው፣ ችካሉ በሚወጣበት አቅጣጫ ቀጥታ። የእግሩን ጫፍ ከመታችሁት እግሩ እንደ ማንሻ ሆኖ ችካሉን ይሰብረዋል። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አብራችሁ አምጧቸው።

አንዱ አልላቀቅ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ኮምጣጤ ሞቅ አድርጋችሁ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በመስመሩ ውስጥ ጨምሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁና ድገሙት። ነጩ ኮላ በሙቀትና በኮምጣጤ ይለሰልሳል። በኛ ወንበር የቀኙ የታችኛው አግዳሚ የተላቀቀው እንዲህ ነው።

ማጽዳት

ሥራው የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ነውና ጊዜ ስጡት።

አሮጌ ኮላ በችካሉ ላይ እንደ ቢጫ ወይም እንደ ቡናማ ብርጭቆ ሆኖ ያብለጨልጫል። በቢላ ጀርባ ወይም በመሮ ፋቁት። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ለማውጣት ከሞከራችሁ ኮላው ጠንካራ ስለሆነ ይቀራል፤ ለስላሳው እንጨት ግን ያልቃል። ችካሉ ይቀጥናል ማለት ነው። ያ ደግሞ የምንሸሸው ነገር ነው። ቀዳዳውን ውስጡን በጠባብ መሮ ወይም ጫፉ ላይ ብርጭቆ ወረቀት በጠቀለላችሁበት ቀጭን ዘንግ ፋቁ። የማይለቀውን በሞቀ ኮምጣጤ አርሳችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቦርሹና በጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ እስከ ማግስቱ ይድረቅ።

መጽዳቱን የምታውቁት በአንድ ጠብታ ውኃ ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆመ ኮላ አለ። ወዲያው ተስቦ እንጨቱን ካጠቆረው ባዶ እንጨት ደርሳችኋል።

ችካሉ፦ የድሮው ወይስ አዲስ?

የጸዳውን ችካል ወደ ቀዳዳው መልሱት። በጣት ተገፍቶ እየታገለ ገብቶ፣ መጨረሻ ላይ መዶሻ ጠብ ጠብ ካስፈለገው ልክ ነው። ሲገለበጥ ከወደቀ ወይም በቀዳዳው ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ልክ አይደለም። ነጭ ኮላ ክፍተት አይሞላም፤ ጥንካሬ የሚኖረው ሁለቱ እንጨቶች ተነካክተው በመሀላቸው ስስ ንብርብር ሲሆን ብቻ ነው። ኮላን ከሰጋቱራ ጋር ለውሶ ቀዳዳ መሙላት የተለመደ ነው። ቧጨራን ይደፍናል እንጂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደት አይሸከምም።

በኛ ወንበር ከግራው ሁለት ችካሎች አንዱ ተሰብሮ ግማሹ በእግሩ ውስጥ ቀርቷል። ሌላው ቀጥኗል። ሁለቱንም መቀየር ነበረብን።

የተሰበረውን ለማውጣት ላዩን ከእግሩ ጋር እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት። መሀሉን በሚስማር ጫፍ ወጋ አድርጉና በመጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱት። ቀጥሎ በ6፣ መጨረሻ ላይ በ10። ቀስ በቀስ ካልሆነ ትልቁ ፑንታ ወደ ለስላሳው ጎን ያዘነብልና ቀዳዳው ይጣመማል። ድሪሉ ከእግሩ ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙን አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ስኳድራ እያስጠጋ ቢያይላችሁ ትልቅ እገዛ ነው። ጥልቀቱን እንዳትስቱ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ። ውፍረቱ 40 የሆነውን እግር 27 ሚሊ ሜትር ብትበሱት ከኋላው በቂ እንጨት ይቀራል።

አዲሱ ችካል 50 ሚሊ ሜትር ይርዘም። ግማሹ በእግሩ፣ ግማሹ በአግዳሚው ይገባል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ተደምረው ከችካሉ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቢበልጡ ጥሩ ነው፤ ትርፉ ኮላ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ውፍረቱን ስትመርጡ ከአግዳሚው ውፍረት ከሲሶ በታች አይሁን፣ ከግማሽም አይብለጥ። ለ22 ሚሊ ሜትር አግዳሚ 8 ወይም 10 ይሆናል።

በሱቅ ካላገኛችሁ ችካል በቤት ይሠራል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ወፍራም ብረት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አስበሱ። ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ እጅግ የደረቀ እንጨት ምረጡና በቢላ ከ11 ሚሊ ሜትር ትንሽ እስኪበልጥ ጥረቡት። ጫፉን አሹላችሁ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ በመዶሻ አሳልፉት። ክብና ልክ ሆኖ ይወጣል። ለስላሳ እንጨት ለዚህ አይሆንም።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ በችካሉ ርዝመት ሁለት ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አድርጉ፤ በፒንሳ ጥርስ ነክሶ መጎተት ይበቃል። ቦይ የሌለው ችካል ኮላ በተሞላ ቀዳዳ ውስጥ ሲመታ ኮላው መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ እግሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ችካሉ ከወንበሩ ይልቅ ደረቅ ይሁን። በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋችሁ ከምድጃ አጠገብ፣ እሳቱ በማይነካው ቦታ፣ ለአንድ ሌሊት አቆዩት። ኋላ ከኮላው ውኃ ጠጥቶ ትንሽ ሲያብጥ ቀዳዳውን ከውስጥ ይሞላዋል።

ቀዳዳው ራሱ ሰፍቶ ሞላላ ከሆነ በ12 ሚሊ ሜትር ብሱትና 12 ችካል ተጠቀሙ። በኛ አግዳሚ ግን 12 ከግማሽ በላይ ስለሆነ ይህን አልመረጥኩም። ሰፍቶ የነበረውን አንድ ቀዳዳ በሌላ መንገድ አስተካከልኩት፦ በ12 በሳሁት፣ ያለ ክፍተት የሚገባ የእንጨት መሰኪያ በኮላ ደፈንኩበት፣ በማግስቱ መሀሉን በ10 እንደገና በሳሁት። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን አዲስ ቀዳዳ ነው የሚሆነው።

ሳይቀቡ መሞከር

ኮላው ሳይከፈት ወንበሩን በሙሉ ገጣጥሙት፣ ሞርሳውንም እሰሩት። ኮላ ከተቀባ በኋላ ያላችሁ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው፤ በመጋቢት ደረቅ ሙቀት ደግሞ ከዚያ ያጥራል። የሚቀረቀር ችካል፣ የማይደርስ ሞርሳ፣ የጠፋ ቁራጭ ጣውላ ሁሉ መታወቅ ያለበት አሁን ነው። መስመሮቹ ያለ ብዙ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ካልተዘጉ ቀዳዳው ውስጥ ቆሻሻ አለ፣ ወይም ችካሉ ረዝሟል። ሞርሳ አጥብቆ በግድ መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ ሞርሳው ሲፈታ ያ ጉልበት መጋጠሚያውን መልሶ ይጎትተዋል።

ረጅም ሞርሳ የሌለው ሰው ሥራውን መተው የለበትም። በባሕር ዳር ብስክሌት ብዙ ነው፤ ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ በየጠጋኙ ይገኛል። ጎማውን በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ እየለጠጣችሁ በመቀመጫው ዙሪያ፣ በአግዳሚዎቹ ከፍታ፣ አራቱን እግሮች አቅፎ ደጋግሞ እንዲዞር ጠቅልሉት። በእያንዳንዱ ዙር ጉልበቱ ይጨምራል፣ እንጨቱንም አይላጭም። ሌላው መንገድ ገመድ ነው። በእግሮቹ ዙሪያ ሁለት ዙር አዙራችሁ እሰሩና በገመዱ መሀል አጭር ዱላ አስገብታችሁ አጠንጥኑት። ዱላው እንዳይፈታ በአግዳሚው ላይ አስደግፉት። ገመዱ እግሩን በሚነካበት ማዕዘን ካርቶን ወይም ጨርቅ አኑሩ።

ኮላ መቀባትና ማሰር

ኮላውን በቀዳዳው ግድግዳ ላይ በቀጭን እንጨት ቀቡ። ከታች አጠራቅማችሁ አትሙሉት። ችካሉን ዙሪያውን በስሱ ቀቡ፣ አግዳሚው እግሩን የሚነካበትንም ፊት እንዲሁ። ሁለቱም ወገን መቀባት አለበት። በመጀመሪያ ችካሎቹን በአግዳሚዎቹ ውስጥ ምቱ፣ ከዚያ የኋላውን ክፍል በሁለቱም ጎን እኩል እየገፋችሁ ግጠሙ።

ሞርሳው በአግዳሚው መሀል መስመር ላይ ይረፍ። ከፍ ወይም ዝቅ ካለ እግሩን ያጣምመዋል። በሞርሳውና በእግሩ መካከል ቁራጭ ጣውላ ግድ ነው፤ ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ብረቱ ምልክት ይተውበታል። በመስመሩ ዙሪያ ኮላው በቀጭኑ ጠብ ጠብ ብሎ ሲወጣ በቂ ነው፤ ማጥበቁን አቁሙ። ምንም ካልወጣ ኮላው አንሷል። በብዛት ከፈሰሰ ደግሞ በዝቷል፤ የሚጎዳው ነገር ግን የለም።

ወዲያው ወንበሩን በእግሮቹ አቁሙት፤ ለዚህ ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል። የሸክላ ወለል ካላችሁና ጎርባጣ አለመሆኑን ካረጋገጣችሁ ይሆናል። አራቱም እግሮች መንካታቸውን እዩ። ከዚያ በሜትር ከፊት ግራ እግር እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ለኩ። መቀመጫው ከፊት ሰፋ ከኋላ ጠበብ ቢልም ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። በኛ ወንበር አንዱ 562፣ ሌላው 568 ሚሊ ሜትር ነበር። ሞርሳውን ትንሽ አላላሁና ረጅሙን አቅጣጫ በገመድ ጠበብ አድርጌ ስቤ መልሼ አጠበቅኩት፤ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ሆነ። እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ችግር የለውም። ይህን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለማስተካከል መሞከር ግን መያዝ የጀመረውን ኮላ መስበር ነው።

የወጣውን ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ አትለቅልቁት፤ ውኃው ኮላውን አቅጥኖ በእንጨቱ ላይ ያሰራጨዋል፣ ኋላ ቫርኒሽ እዚያ አይይዝም። ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ጠብቁ። እንደ ጎማ ሲሆን በመሮ ጫፍ ፋቁት፣ በሙሉ ይነሳል።

ሞርሳው በትንሹ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ እኔ እስከ ማግስቱ አልነካውም። ከ24 ሰዓት በፊት ግን ማንም አይቀመጥበት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሲበርድ ወንበሩ በረንዳ ላይ አይደር። ነጭ ኮላ በብርድ ሲደርቅ አቅሙን ያጣል። ከመስመሩ የወጣው ኮላ ጠንካራና ግልጽ በመሆን ፈንታ እንደ ጠመኔ ነጭና የሚፈረፈር ከሆነ በብርድ ደርቋል ማለት ነው፤ መጋጠሚያው እንደገና መከፈት አለበት።

መቼ ቢሠራ ይሻላል?

ዝናቡ ካቆመና እንጨቱ ከደረቀ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ። በነሐሴ ያበጠ እንጨት ላይ ልክ የገባ ችካል በመጋቢት ላልቶ ይገኛል። ክረምት ላይ ግድ ከሆነ ወንበሩን ከመክፈታችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ደረቅ ክፍል ውስጥ አቆዩት፣ ችካሉንም በደንብ አድርቁት።

በሐይቁ ዳር ላሉ ወንበሮች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወለሉ ጠዋት ማታ በውኃ ይታጠባል፤ እግሮቹ እርጥብ ወለል ላይ ይቆማሉ። የእግሩ ታችኛ ጫፍ የጅማቱ አፍ ነው፤ ውኃ ከጎን ይልቅ በዚያ በፍጥነት ይጠጣል። ከጥገናው በኋላ የአራቱን እግሮች መዳፍ ቫርኒሽ ቀብታችሁ አድርቁ፣ ድገሙት፣ ደግሞም ሰልሱት። የታችኛው አግዳሚ ወደ መሬት ቅርብ ስለሆነ በዚህ ይጠቀማል። ከመቀመጫው ሥር የፈታችኋቸውን የማዕዘን እንጨቶች አሮጌ ኮላቸውን ፍቃችሁ በአዲስ ኮላና በድሮው ብሎን መልሱ፤ የብሎኑ ቀዳዳ ከሰፋ ቀጭን የእንጨት ስንጥር ኮላ ቀብታችሁ ወሽቁበትና ከደረቀ በኋላ ብሎኑን እሰሩ። ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ ወንበሩን እንደገና ገልብጣችሁ አውራ ጣታችሁን በየመስመሩ ላይ አሳርፉ፤ ቫርኒሹ በመጋጠሚያው ላይ ካልተሰነጠቀና ወረቀት የማያስገባ ከሆነ ይዟል።